አራት ከተማና አንድ መንገድ

ሹሟ የጉዞ ቢሮው ወንበር ላይ የተቀመጠችው እንደ እርጥብ ፎጣ ነው፤ እንደወደቀች ቀረች። ከሥራ በቀጥታ መምጣቷ ነው። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ እግሯ ደግሞ የሌላ ሰው እግር ሆኖባታል። የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ምድር ቤቱ ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። መስኮት የለውም፤ እንፋሎት ግን እንደልብ ነው። እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት የበሽተኛ አንሶላ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ስታጥፍ ኖራለች። ሹም ብሎ የሾማት የለም። ተሸብሽቦ የታጠፈ አንሶላ ካየች ሐኪም ይሁን ዘበኛ ስለማትምር ነርሶቹ «የአንሶላ ሹም» አሏት። ኋላ አንሶላው ቀረና ሹሟ ብቻ ሆነች።

አጠገቧ ባሏ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀምጧል። እሱም ስም አለው። የመስመር አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ አምና ነው ጡረታ የወጣው። ጠዋት ከተርሚናል ይወጣል፣ እመጨረሻው ፌርማታ ይደርሳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል፣ ይመለሳል። በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ መኪናውን ከተርሚናል ውጭ አሳድሮ አያውቅም። ሌሎቹ ሾፌሮች «ደርሶ መልስ» አሉት። ስድብም ሙገሳም ነበር፤ እሱ የወሰደው በሙገሳው ነው።

የመጡት ለእረፍት ጉዞ ነው። ሹሟ የሁለት ሳምንት ፈቃድ አግኝታለች። እንዲህ ያለ ፈቃድ ከወሰደች ስንት ዘመኗ እንደሆነ መቁጠሩን ትታዋለች፤ ሲቆጥሩት ያናድዳል። ደርሶ መልስ ጉዞውን ራሱ አቅዶ፣ በአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ ራሱ ስሎ፣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ መጥቷል። ሚስቱን ያሳያት ዛሬ ጠዋት፣ ጫማዋን ስታስር ነው።

«ጥሩ ነው» አለችው ያኔ።

ጥሩ አልነበረም። ግን ማለዳ፣ ጫማ እየታሰረ፣ ምን ይባላል?

ጠረጴዛው ወዲያ ያለችው ልጅ ትኬት ቆራጭ ናት። የእረፍት ወራት ሥራ ፊቷን አገርጥቶታል። በጠረጴዛው ሥር ጫማዋን አውልቃለች፤ ሹሟ አይታባታለች፣ አልፈረደችባትም። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ካርታ ተዘርግቶ በላዩ መስታወት ተጭኖበታል። ልጅቷ መስታወቱ ላይ በእስክሪብቶ ታሰምራለች፣ ደንበኛው ሐሳቡን ሲለውጥ በሶፍት ታብሳለች። የሶፍቱ ካርቶን ባዶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ሰው ሐሳቡን ብዙ ይለውጣል ማለት ነው።

«እሺ አባቴ፣ የት የት ነው የምትሄዱት?»

«አራት ከተማ» አለ ደርሶ መልስ፣ ወረቀቱን እየዘረጋ። «መጀመሪያ በአውሮፕላን የመሃሉ ከተማ እንገባለን። እዚያ ታላቅ እህቴ አለች። እሷ ቤት እናርፋለን። ከዚያ ፍል ውሃው፣ እንመለሳለን። ከዚያ ተራራው፣ እንመለሳለን። ከዚያ ባሕሩ፣ እንመለሳለን። ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ቤት። አለቀ።»

«ሁሌ ወደ እህትዎ ቤት ነው የሚመለሱት?»

«እና ወዴት ይመለሳል?» አላት። የጠየቀችው ነገር አልገባውም።

ልጅቷ ሰማያዊውን እስክሪብቶ አንስታ እሱ እንዳለው ማስመር ጀመረች። ከመሃሉ ከተማ ወደ ፍል ውሃው አንድ መስመር። ከፍል ውሃው ወደ መሃል፣ በዚያው ላይ አንድ መስመር። ከመሃል ወደ ተራራው። ተራራው ደግሞ ከፍል ውሃው ወዲያ፣ በዚያው መንገድ ላይ ነው። እስክሪብቶው በፍል ውሃው አናት ላይ አልፎ ሄደ፣ በፍል ውሃው አናት ላይ አልፎ ተመለሰ። ከዚያ በሌላው ወገን ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ተመልሶ። ስትጨርስ ካርታው ላይ እንደ ገመድ የወፈረ ሰማያዊ ነገር ተጋደመ።

«አዩት አባቴ? በዚህች መንገድ አራት ጊዜ ነው የሚያልፉባት። ፍል ውሃውን አይተው ይመለሳሉ፤ ደግሞ ተራራው ለመድረስ በበሩ ያልፋሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ በበሩ ያልፋሉ።»

«እኔ አንዱን መንገድ በቀን ስምንት ጊዜ አልፌበታለሁ። ምንም አልሆንኩ።»

«ያኔ ይከፈልህ ነበር» አለች ሹሟ። ዓይኗን ሳትገልጥ ነው ያለችው።

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። ደርሶ መልስ ዞር ብሎ ሚስቱን አየና ወደ ካርታው ተመለሰ።

«እናቴ፣ እርስዎስ የትኛውን ነው የበለጠ የሚፈልጉት?»

ሹሟ እንዲህ ብሎ የሚጠይቃት ሰው በመገኘቱ ደነገጠች። ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከማድረቂያው ማሽን በላይ፣ ዓመቱ ያለፈበት ካላንደር ተሰቅሏል። ሥዕሉ ባሕር ነው። ዓመቱ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፤ እሷ ግን እንዲወርድ አልፈቀደችም። አንዷ ጀማሪ ልታወርደው ወንበር ላይ ስትወጣ፣ «እሱ መስኮታችን ነው፤ ውረጂ» ብላታለች። እዚያ ሥዕል ፊት እየቆመች ስንት አንሶላ አጥፋለች። ከባሕሩ የምትወድለት አንድ ነገር አለ፤ ጫፍ የለውም። ይዘሽ እጠፊው የሚልሽ የለም። ፊቱ ተቀምጣ፣ ማንም ተነሺ ሳይላት፣ እግሯን ዘርግታ መዋል። ሌላ ምኞት የላትም። የሚያስቅ ምኞት ነው፣ ታውቃለች፤ ግን የሷ ነው።

«ባሕሩን» አለች።

«ስንት ቀን ነው ለባሕሩ የተያዘው?»

«ሁለት ቀን» አለ ደርሶ መልስ።

«ሁለት ሌሊት ነው ወይስ ሁለት ቀን?»

«ምን ልዩነት አለው? ያው ነው።»

«ያው አይደለም አባቴ። ቀን ከቆጠሩ ይሸወዳሉ። ሌሊት ነው የሚቆጠረው። ከመሃሉ ከተማ ባሕሩ ድረስ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ነው። ጠዋት ሻንጣ ያስራሉ፣ መናኸሪያ ሄደው ይጠብቃሉ፣ ይጓዛሉ፣ ደርሰው ክፍሉን እስኪያገኙ ይመሻል። ያ ቀን ሞተ። በማግስቱ አንድ ቀን አገኙ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ ሻንጣ። ሁለት ቀን ያሉት አንድ ቀን ነው።»

ሹሟ ዓይኗን ገለጠች። አንድ ቀን። ጠዋት ጫማዋን ስታስር ሁለት ነበር የሰማችው፤ ሁለቱንም በልቧ ቁርጥራጭ ሳታስቀር አቅዳቸው ነበር። አሁን አንዱ መንገድ ላይ ቀለጠ።

«እስቲ ሌላውንም ላስላው» አለች ልጅቷ። ሥራዋ ነውና እጇ ፈጣን ነው። «ጠቅላላ አሥራ ሦስት ሌሊት አላችሁ። ከዚህ ውስጥ ስድስቱ እህትዎ ቤት ነው። በየመሃሉ እየተመለሱ አንድ፣ ሁለት እያሉ ሲደመር ስድስት። መንገድ ላይ የምትቀመጡት ደግሞ ሠላሳ ሁለት ሰዓት፤ አውሮፕላኑን ሳልጨምር።»

ስድስት ሌሊት። ሹሟ የሰማችው ይቺን ብቻ ነው።

ስለ እህቱ፣ ስለ እትዬ ነገር ላስረዳ፤ ክፉ ሴት አይደለችም። እንዲያውም ክፉ ብትሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ክፉ ሰው ቤት ማን ያድራል? እትዬ ደግ ናት። ወንድሟ መጣ ሲባል ቤቷን ለሰው ሁሉ ትከፍታለች። ጎረቤት ይመጣል፣ የሟች ባሏ ዘመድ ይመጣል፣ የድሮ ጓደኛ ይመጣል፣ ሁሉም ደርሶ መልስን አቅፎ ይስማል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል። የእትዬ ጉልበት ደግሞ አይታጠፍም። እሷ ወንበሯ ላይ ሆና «ኧረ ተይ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ» ትላለች፤ የሚነሳ ሌላ ሰው ግን የለም። እና ሹሟ ትነሳለች። ባለፈው የሄዱ ጊዜ አምስት ቀን ሙሉ ማድቤት ነበረች። የዚያን ከተማ ነገር ጠይቋት፣ የእትዬን የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ነው የምትነግራችሁ፤ ቧንቧው በግራ በኩል እንደሚያንጠባጥብ ጭምር። ለባሏ ትንፍሽ አላለችም። የባልን እህት ማማት ነገር ማንሳት ነው፤ ነገር ለማንሳት ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

«እኔ የምለው» አለች ልጅቷ፣ መስታወቱን በሶፍት እየወለወለች፣ «አራቱ ከተሞች እኮ የተሰለፉ ናቸው። ይዩአቸው። ተራራ፣ ፍል ውሃ፣ መሃል፣ ባሕር። አንድ መንገድ ነው። ለምን ወደኋላ ይመለሳሉ? በአንዱ ጫፍ ገብተው በሌላው ጫፍ ይውጡ።»

«በሌላው ጫፍ?»

«አዎ። ተራራውም ባሕሩም ጋ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። በአንዱ ይገባሉ፣ በሌላው ወደ ቤት ይመለሳሉ።»

ደርሶ መልስ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ክርክር ሊጀምር ሲል እንዲህ ነው የሚያደርገው። «ልጄ፣ በገባሽበት ነው የሚወጣው። መኪና ከወጣበት ነው የሚመለሰው። አለበለዚያ ጠዋት ለተሳፋሪው ምን ይደርሰዋል?»

«አባቴ፣ ተሳፋሪው እርስዎ ነዎት።»

ሹሟ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሠላሳ ዓመት ሲነዳ የኖረ ሰው እንዲህ ሲባል ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት አለባችሁ። ራሱን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያገኘ ሰው ይመስላል።

«ግን ትኬቱ ደርሶ መልስ ካልሆነ...»

«ደርሶ መልስ ነው። አንድ ትኬት ነው የሚጻፈው፤ መሄጃው ወደ አንድ ከተማ፣ መመለሻው ከሌላ ከተማ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚሄደው። ለመመለስ ብላችሁ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ወደ መሃሉ ከተማ አትጓዙም።»

አሁን በቀይ አሰመረች። አንዲት ቀጭን መስመር፣ ከተራራው ተነስታ ባሕሩ ላይ ቆመች። አራት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ብላ በየመሃሉ ጻፈችበት። አሥራ ሦስት ሰዓት። ከሠላሳ ሁለቱ ላይ ምን ያህል እንደተረፈ መናገር እንኳ አላስፈለጋትም። ወፍራሙ ገመድ ሄዶ ክር መጣ።

«ከተራራው እንጀምር። አውሮፕላኑ እዚያ የሚሄደው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ነው መያዝ ያለብን፣ ሌላው በሱ ዙሪያ ይስተካከላል። ቅዳሜ ትገባላችሁ። ተራራው ሦስት ሌሊት። ፍል ውሃው ትንሽ ነው፣ ሁለት ይበቃዋል። እህትዎ ጋ ሦስት ሌሊት። ከዚያ የተረፈው ሁሉ ለባሕሩ፣ አምስት ሌሊት። ከባሕሩ አውሮፕላን በየቀኑ አለ፣ ዓርብ ወደ ቤት። እረፍት በመጨረሻ ነው የሚያምረው እናቴ፤ ከባሕር በቀጥታ ቤትዎ ይገባሉ፣ እንደታደሱ።»

አምስት ሌሊት። ሹሟ ልጅቷን ልታቅፋት ምንም አልቀራት፤ ለመነሳት ጉልበት ቢኖራት ታደርገው ነበር። ከዚያ መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው። ተራራ፣ ፍል ውሃ፣ እትዬ፣ ባሕር። ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ በሩ ላይ፣ ማን ናት የተቀመጠችው? እትዬ።

እትዬ እንግዳ አትለቅም። ሻንጣ ሲታሰር ታለቅሳለች፤ የምሯን ነው የምታለቅሰው። «ነገ ትሄዳላችሁ፣ ምን አስቸኮላችሁ? ባሕሩ ይሸሻል?» ትላለች። ባሕሩ አይሸሽም፤ አውሮፕላኑም በየቀኑ አለ፤ ምን ተብሎ እንቢ ይባላል? አምስቱ አራት ይሆናል። በነጋታው የሆነ ዘመድ ከሩቅ እየመጣ ነው ይባላል፤ ሦስት ይሆናል። ከዚያ ያቺው አንድ ቀን። ልጅቷ ካርታውን ታውቃለች፤ እትዬን አታውቅም። መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ነገር የማንም ቁራሽ ነው። ሹሟ ይህንን ለማወቅ ካርታ አያስፈልጋትም፤ በሕይወቷ ሁሉ የራሷን ድርሻ መጨረሻ ላይ ስታስቀምጥ ኖራ፣ መጨረሻው ላይ ምን እንደሚገኝ ታውቃለች።

«ጥሩ ነው አይደል እናቴ?»

«ጥሩ ነው» አለች ሹሟ። ምን ትበል? ባሏ አጠገቧ ተቀምጧል። ስለ እህቱ ብታነሳ ሴትዮዋ በሌለችበት፣ ከጀርባዋ ማማት ይሆናል፤ ያ ደግሞ ይብሳል። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ደከማት። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ይሁን።

ልጅቷ እጇን ወደ ኮምፒዩተሩ ሰደደች። «እንግዲህ ላስይዘው።»

«ቆይ» አለ ደርሶ መልስ።

ድምፁ ሲከራከር የነበረው ሰው ድምፅ አልነበረም። ሹሟ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ባሏ ወደ ካርታው ጎንበስ ብሎ፣ ወፍራም ጣቱን በቀዩ መስመር ላይ እየነዳው ነው፤ ከባሕሩ ወደ ተራራው፣ ወደኋላ።

«ይቺ መስመር ከዚህኛውም ጫፍ ትነዳለች?»

«ትነዳለች፤ ያው ሰዓት ነው። ግን እኮ ባሕሩ መጀመሪያ ይሆንባችኋል።»

«ይሁን።»

«ከዚያ በኋላ መንገድ፣ ተራራ... ደክሟችሁ ነው ቤት የምትገቡት አባቴ። ሰው ሁሉ እረፍቱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያደርገው።»

«ሰው ሁሉ አሁን አልደከመውም። እሷ አሁን ነው የደከማት» አለ፣ በአገጩ ወደ ሚስቱ እያመለከተ። «ይቺን ይዤ መጀመሪያ ተራራ ልወጣ? ተሸክሜ ነው የማወጣት።» ጣቱን መሃሉ ከተማ ላይ አቆመ። «ደግሞ እትዬ ከያዘች አትለቅም። ከባሕሩ አውሮፕላኑ በየቀኑ ነው ብለሻል። ከተራራው ግን ቅዳሜ ካመለጠ?»

«እስከ ማክሰኞ የለም።»

«የሷ ሥራ ሰኞ ነው። በቃ። ባሕሩን በልተን ጨርሰን እትዬ ጋ እንሄዳለን፤ ከእትዬ ደግሞ ቅዳሜው ይጎትተናል። እኔ እንቢ ማለት አያስፈልገኝም። አውሮፕላኑ ይበልልኝ።»

ልጅቷ አየችው፤ ካርታውን አየች። «እሁድ ብትወጡ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሁድ ባሕሩ ጋ ትገባላችሁ። አምስት ሌሊት። ዓርብ ወደ እህትዎ፣ ሦስት ሌሊት። ሰኞ ወደ ፍል ውሃው፣ ሁለት። ረቡዕ ተራራው፣ ሦስት። ቅዳሜ አውሮፕላን። ልክ ይመጣል። እሁድን ቤታችሁ አርፋችሁ ሰኞ ሥራ።» ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እኔ እኮ መጨረሻው ከባድ ይሆንባችኋል ብዬ ነው እንጂ፣ አውሮፕላኑ በየቀኑ የማይገኘውን ከተማ ከኋላ ማድረጉ ይሻል ነበር።»

ሹሟ ባሏን ታያለች። እሱ አያያትም። አንድ አልጋ ላይ አብራው ስንት ዘመን ተኝታለች፤ አሁን ግን መናኸሪያ ላይ ያገኘችው ሰው መሰላት። ታዲያ ያውቅ ነበር? አይቶ ነበር? እዚያ ሳሎን ውስጥ ከሰው ጋር ሲሳሳቅ፣ ማድቤት ውስጥ ማን እንደቆመች አይቶ ነበር? ካየ ደግሞ ለምን ስድስት ሌሊት አለ? ይህን ለመጠየቅ ቀን ያስፈልጋል። ምናልባት ባሕሩ ጋ።

«እትዬን ግን አሁን ነው የምነግራት» አለ። «ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ከሆነ ተደብቄ ያደረግኩት ይመስላታል። ከመቆረጡ በፊት ከሆነ ደግሞ ታስለቅቀኛለች። አንቺ ልጄ፣ እኔ እያወራሁ ሳለ ቁረጪው።»

ጆሮውን የሞተር ድምፅ ስለበላው ስልኩን ሁልጊዜ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ሲደውል የእትዬ ድምፅ ቢሮውን ሞላው።

«አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?» ፀጉሩ የሸበተውን ሰውዬ ነው ልጅ የምትለው። «አልጋውን ከአሁኑ ፀሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ።»

«እትዬ፣ እቅዱ ተለወጠ። ሦስት ሌሊት ነው የምናድረው። መጀመሪያ ባሕሩ ጋ ነው የምንገባው።»

«ሦስት ሌሊት? ሆቴል አደረግከኝ? ስድስት ብለኸኝ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም።»

«ሚስትህ ናት አይደል ያለችህ?»

ሹሟ ቦርሳዋን ጨበጠች። የልጅቷ ጣት ቁልፉ ላይ ቆሟል፤ ኮምፒዩተሩን ሳይሆን ደርሶ መልስን ነው የምታየው።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለ። «እሷ ጥሩ ነው ነው ያለችው። ለሁሉም ጥሩ ነው ነው የምትለው። ደክሟታል እትዬ።»

«ደክሟት ከሆነ እዚህ ትረፋ። እኔ ቤት ምን ሥራ አለ?»

«ባለፈው አምስት ቀን ማድቤት ነበረች።»

«ማን ግቢ አላት? ተቀመጪ ነው ያልኳት። በእኔ አፍ ነው ተቀመጪ ያልኳት።»

«አዎ፣ ብለሻታል። ግቢ ያላት የለም። አንቺም እኔም ግን ከገባች በኋላ ውጪ አላልናትም። ምግቡን በላን።»

ከስልኩ ውስጥ የሩቅ ቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ ጣቷን አወረደች፤ ቁልፉ ቀጭ አለ። ከጥግ ያለው ማተሚያ ማሽን ወረቀት መትፋት ጀመረ።

«ያ ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች እትዬ።

«ትኬቱ ነው። ተቆረጠ።»

«ቆረጥከው? እኔ እያወራሁህ?»

«እያወራሽኝ።»

እትዬ ተነፈሰች፣ ረጅም። «ዓርብ ነው የምትገቡት?»

«ዓርብ ማታ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ሰው አልጠራም። እሁድ ይምጡ። የቀረ ዕቃም ካለ የጎረቤቴ ልጅ ታጥባለች፤ ሥራ ፈታ ነው የምትውለው። ሰኞ ግን ስትሄዱ አለቅሳለሁ፤ ያንን አልተውም።»

«አልቅሺ» አለ። «ቅዳሜ አውሮፕላን አለ።»

ስልኩን ዘጋና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ሰው ሳይገጭ የወጣ ሰው፣ አሁን አንዲት አሮጊት ገጭቶ ያመለጠ ይመስል ነበር።

ሹሟ ሊናገራት ዞር ሲል ዓይኗን ጨፈነች። ነገር ለመናገር ገና ነው። ወንበሩ ጠንካራ ነው፣ ግን ጀርባ አለው፤ ጀርባዋን ለቀቀችለት። የማተሚያው ድምፅ ከማድረቂያው ማሽን ድምፅ ጋር ይመሳሰላል። ለመተኛት ከዚህ ምን ይሻላል?

«ተኙ እንዴ?» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ተያት።»

«በመስኮት በኩል ላድርጋቸው? ባሕሩ ከላይ ይታያል።»

ደርሶ መልስ አሰበ። «አይ። በመተላለፊያው በኩል። እግሯን ትዘርጋ። ባሕሩ አምስት ሌሊት አለው፣ ይጠብቃታል።»

ልጅቷ ጻፈች። ወረቀቶቹን ስትደረድር ሰውየው ጎንበስ ሲል፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ሹሟ ይሰማታል። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሞከረ፤ ሠላሳ ዓመት ፌርማታ ሲጠራ የኖረ ድምፅ ግን ዝቅ ማለት አያውቅም።

«ልጄ፣ ባሕሩ ጋ ያለው ሆቴል... አልጋ የሚያነጥፍ ሰው አላቸው?»

«አላቸው፤ በየቀኑ።»

«አንሶላውን ደህና አድርገው ነው የሚያጥፉት?»

«እንግዲህ እሱን እንኳ...»

«እሷ ሳታየው እንዲያነጥፉት ንገሪልኝ። ካየችው ትነሳለች።»

ሹሟ ዓይኗን አልገለጠችም። አትነሳም። አሁን ቢለምኗትም አትነሳም።